ሱፐርቫይዘር የሌለው ተማሪ ማመልከቻ

በአንድ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ተማሪዎች ኢንተርንሺፕ አስተባባሪ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት፣ ሁለተኛው ሴሚስተር ከገባ አንድ ወር ሳይሞላው ጠረጴዛዬ ላይ ማመልከቻ ይከመር ነበር። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፤ «ድርጅት ይቀየርልኝ»። አንዱ የቤት ኪራይ ተወዶበታል፣ ሌላዋ ቤተሰቦቿ ያሉበት ከተማ ገብታ መሥራት ትፈልጋለች፣ ሦስተኛው ጓደኞቹ የደረሳቸው ድርጅት ይሻላል ብሎ ሰምቷል። በዚህ ክምር ውስጥ ሌሎቹን የማይመስል ማመልከቻ አልፎ አልፎ ይገኛል፤ የተመደበበት ቦታ የሚያሠለጥነው ሰው ያጣ ተማሪ ማመልከቻ። የሚያሳዝነው ይህ ተማሪ ደብዳቤውን የሚጽፈው ከሌሎቹ ኮርጆ በመሆኑ ነው። «ድርጅቱ ምቹ ስላልሆነልኝ» ብሎ ይጀምራል፣ «በትሕትና እጠይቃለሁ» ብሎ ይጨርሳል፤ አስተባባሪውም ከኪራዩ ጥያቄ ጋር አብሮ ያስቀምጠዋል።

ማመልከቻው እንዴት ቢጻፍ መልስ እንደሚያገኝ ከማሳየቴ በፊት፣ ሱፐርቫይዘር የሚባለው ሰው ምን እንደሚያደርግ መናገር ይገባኛል። ወላጆችም፣ አንዳንድ ድርጅቶችም ይህን በውል አያውቁትም።

በኢንተርንሺፕ ወቅት የምህንድስና ተማሪ ሁለት አለቃ አለው። አንደኛው ከዩኒቨርሲቲው የሚመደበው መምህር ሲሆን በየተወሰነ ጊዜ እየመጣ ያየዋል፤ መጨረሻ ላይም ሪፖርቱን ያርማል። ሁለተኛው የድርጅቱ ሰው ነው፤ ሱፐርቫይዘር የምንለው እሱን ነው። ተማሪው ጠዋት ሲገባ ዛሬ ምን እንደሚሠራ የሚነግረው፣ የተሠራው ለምን እንደዚያ እንደተሠራ የሚያስረዳው፣ የዕለት ሥራ መዝገቡን ማለትም ሎግ ቡኩን አንብቦ የሚፈርምለት፣ በመጨረሻም ሥራውን አይቶ ነጥብ የሚሰጠው ይህ ሰው ነው። እሱ ከሌለ ተማሪው ሥራ ቦታ ውሎ ሊገባ ይችላል፤ ሥልጠና ላይ ግን አልዋለም።

ይህ ግንኙነት የቆመበት ሕጋዊ መሠረት ስስ መሆኑንም ማወቅ ይጠቅማል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከለማጅነት በስተቀር ለትምህርትና ለሥልጠና የሚደረጉ ውሎችን ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጭ አድርጓል። ስለዚህ ለዲግሪው ማሟያ የወጣ ተማሪ እንደ ሠራተኛ ቆሞ «አሠሪዬ ግዴታውን አልተወጣም» የሚልበት መንገድ እምብዛም የለውም። ያለው ነገር ዩኒቨርሲቲው ለድርጅቱ የጻፈው ደብዳቤ፣ ድርጅቱ የመለሰው የተቀባይነት ደብዳቤና በመካከላቸው ስምምነት ካለ ያ ስምምነት ነው። የነዚህን ወረቀቶች ጉዳይ የሚያስፈጽመው ደግሞ አስተባባሪው ነው። የቅያሬ ማመልከቻው ለሌላ ሰው ሳይሆን ለእሱ የሚጻፈው በዚህ ምክንያት ነው።

የማልረሳው አንድ የሲቪል ምህንድስና ተማሪ አለ። በ2017 ዓ.ም. የካቲት 3 ቀን ሰኞ፣ በአንድ የክልል ከተማ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ በሚያሠራ ተቋራጭ ዘንድ ሥራ ጀመረ። ልምምዱ 16 ሳምንት፣ ማለትም 80 የሥራ ቀን ገደማ ነው። የተቀባይነት ደብዳቤው ላይ ሱፐርቫይዘር ተብሎ ስሙ የተጻፈው የሳይቱ መሐንዲስ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት አብሮት ዋለ። ፕላኑን ዘርግቶ አሳየው፣ የፌሮ ሥራ ዝርዝር እንዴት እንደሚነበብ ጀመረለት። በአራተኛው ቀን ድርጅቱ መሐንዲሱን ሌላ ወረዳ ወዳለ የመንገድ ሥራ ላከው። አንድ መሐንዲስ ሁለትና ሦስት ሳይት እንዲይዝ ማድረግ በተቋራጮች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ክፍያ ሲዘገይ ሰው ይቀነሳል፣ የቀረው ሰው ይዘረጋል።

ሳይቱ ላይ የቀሩት ፎርማኑ፣ ስቶር ኪፐሩና የቀን ሠራተኞቹ ናቸው። ፎርማኑ ቀና ሰው ነበር፤ ተማሪውን ሥራ አላስፈታውም። የሚገባውንና የሚወጣውን የሲሚንቶ ከረጢት እንዲመዘግብ ስቶር ላይ አስቀመጠው። ተማሪው በሎግ ቡኩ «የሲሚንቶ ገቢና ወጪ መዝግቤ ዋልኩ» እያለ አሥር ቀን ጻፈ።

የካቲት 19 ቀን የኮለን ሙሌት ነበር። ተማሪው ከስቶር ወጥቶ ለማየት ሄደ። ሠራተኞቹ አርማታው ደረቀብን፣ ቅርጹ ውስጥ አልወርድ አለን ሲሉ ፎርማኑ ሚክሰሩ ውስጥ ውኃ አስጨመረ። አርማታው ቀጠነ፣ ሙሌቱም ቶሎ አለቀ። ተማሪው ክፍል ውስጥ የተማረው ውኃ ሲበዛ አርማታው ሲደርቅ እንደሚደክም ነው። ግን ያየው ነገር ጥፋት ይሁን ወይስ በሥራ ላይ የሚፈቀድ ልክ ይኑረው አላወቀም። ፎርማኑን እንዳይጠይቅ የሚታዘዝለት ታላቅ ሰው ነው፤ የሚጠይቀው መሐንዲስ ደግሞ የለም።

መሐንዲሱ ቢኖር ኖሮ ትምህርቱ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ነበር። 30 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለውን የብረት ኮን አምጥቶ አርማታውን በሦስት ድርብ እየሞላ፣ እያንዳንዱን ድርብ 25 ጊዜ በዘንግ እየወጋ፣ ከዚያም ኮኑን ወደ ላይ መዝዞ አርማታው ስንት ሳንቲ ሜትር እንደ ተቀመጠ ይለካ ነበር። ስላምፕ ቴስት የሚባለው ይህ ነው። ከዚያው አርማታ ጎንና ቁመቱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኩብ ተሞልቶ በሰባተኛውና በሃያ ስምንተኛው ቀን ተጨምቆ ጥንካሬው ይታያል። ተማሪው እነዚህን ሁለት ፈተናዎች በመጽሐፍ ያውቃቸዋል። በእጁ ሠርቶ ውጤቱን ከወረደው ኮለን ጋር አያይዞ ለማየት የመጣበት ቀን ግን የሲሚንቶ ከረጢት ቆጥሮ አለፈ።

ይህን ሁሉ የማውቀው ተማሪው ስለጻፈው ነው። መጀመሪያ ይዞት የመጣው ማመልከቻ ግን ከዚህ ምንም አልነበረበትም። «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ብሎ ይነሣና ድርጅቱ ለልምምድ ምቹ አለመሆኑን፣ ሱፐርቫይዘሩ ትኩረት እንደማይሰጠው፣ ተስፋ እንደቆረጠ ይገልጻል። አንብቤ ስጨርስ መሐንዲሱ የለም ወይስ አለና ተማሪውን ተቆጥቶት ነው የሚለውን መለየት አልቻልኩም። እነዚህ ሁለት ነገሮች ደግሞ በጣም ይለያያሉ። ቁጡ አለቃ፣ ሥራ የበዛበት አለቃ፣ ጠዋት ብቻ ብቅ የሚል አለቃ ሁሉ አለቃ ነው፤ ተማሪው በዚያው እንዲጸና እመክረዋለሁ፣ አስፈላጊም ከሆነ ደውዬ አነጋግራለሁ። የተመደበው ሰው ቦታውን ለቆ ምትክ ሳይተካ ሲቀር ግን ምክር አይጠቅምም።

አስቀምጬ ሎግ ቡኩን አስከፈትኩትና ቀን በቀን ቆጠርን። ከየካቲት 3 እስከ የካቲት 28 ድረስ 20 የሥራ ቀን ነው። መሐንዲሱ የነበረው 3 ቀን ሲሆን፣ የካቲት 17 ቀን ደግሞ ለአንድ ሰዓት ያህል መጥቶ ሄዷል። ተማሪው ስልክ የደወለባቸውን ቀናት ከስልኩ ላይ አወጣን፤ አራት ጊዜ ደውሏል፣ ሁለቱን አንስቶለት «እመጣለሁ» ብሎታል። ለድርጅቱ ቢሮም አንድ ጊዜ በአካል ሄዶ «መሐንዲሱ እስኪመለስ ጠብቅ» ተብሏል። ሄዶ በአዲስ ወረቀት ጻፈው። ስምና አድራሻ የሚለውን ትቼ እነሆ፦

«ቀን፦ 28/06/2017 ዓ.ም.

ለኢንተርንሺፕ አስተባባሪ፣

ጉዳዩ፦ በሱፐርቫይዘር እጦት ምክንያት የተቀባይ ድርጅት ቅያሬ ስለመጠየቅ

እኔ የ4ኛ ዓመት የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ስሆን ከየካቲት 3 ቀን ጀምሮ በተመደብኩበት የሕንፃ ሥራ ሳይት ልምምድ ላይ እገኛለሁ። በተቀባይነት ደብዳቤው ሱፐርቫይዘር ሆነው የተጠቀሱት መሐንዲስ ከየካቲት 6 ቀን ጀምሮ ወደ ሌላ ሥራ ስለተዛወሩ በሳይቱ ላይ አይገኙም። እስከ ዛሬ ከዋልኩባቸው 20 የሥራ ቀናት አብረውኝ የነበሩት 3 ቀን ሲሆን፣ የካቲት 17 ቀን ለአንድ ሰዓት መጥተዋል። በምትካቸው የተመደበ ባለሙያ የለም።

በቀሩት ቀናት የሠራሁት በዋናነት የሲሚንቶ ገቢና ወጪ መመዝገብ ነው። በልምምድ ዕቅዴ የተያዙት የፌሮ ዝርዝር ማዘጋጀት፣ የሥራ ልኬትና የአርማታ ጥራት ፈተና እስካሁን አልተጀመሩም። ሎግ ቡኬ ከየካቲት 6 ወዲህ አልተፈረመም።

መሐንዲሱን የካቲት 7፣ 12፣ 18 እና 25 ቀን በስልክ ጠይቄያለሁ። የካቲት 21 ቀን በድርጅቱ ቢሮ ቀርቤ ምትክ እንዲመደብልኝ ጠይቄ እንድጠብቅ ተነግሮኛል።

ስለዚህ በቅድሚያ ድርጅቱ በዚሁ ሳይት ወይም በሌላ ሳይቱ ባለሙያ እንዲመድብልኝ እንዲጠየቅልኝ፣ ይህ የማይቻል ከሆነ ወደ ሌላ ድርጅት እንድዛወርና የዋልኩባቸው ቀናት እንዲያዙልኝ እጠይቃለሁ። ምላሽ እስካገኝ ድረስ በሳይቱ መገኘቴን እቀጥላለሁ።

አባሪ፦ የሎግ ቡክ ቅጂ፣ የተቀባይነት ደብዳቤ ቅጂ

ግልባጭ፦ ለትምህርት ክፍሉ፣ ለአካዳሚክ አማካሪዬ»

ደብዳቤው አንድ ገጽ አልሞላም፤ በዚያ ላይ ማንንም አልከሰሰም። ስለ መሐንዲሱ ያለው ነገር «ተዛወሩ» የሚል ብቻ ነው። መሐንዲሱ በራሱ ፈቃድ አልሄደም፣ ድርጅቱ ነው የላከው፤ ፎርማኑም የሚያውቀውን ያህል ረድቷል። ውኃ የመጨመሩን ነገር ተማሪው በዚህ ማመልከቻ እንዳይጽፍ የመከርኩት እኔ ነኝ። ያ ለብቻው በቃል ለትምህርት ክፍሉ የሚነገር፣ ትምህርት ክፍሉም አመዛዝኖ ለሚመለከተው የሚያስተላልፈው ጉዳይ ነው። ከቅያሬ ጥያቄ ጋር ሲደባለቅ ግን ድርጅቱ ነገሩን ሁሉ እንደ ክስ ያየዋል፤ ተማሪውም መሄጃ እስኪያገኝ እዚያው ሳይት ላይ ነው የሚውለው።

ከደብዳቤው ለእኔ ትልቁ ነገር የጥያቄው ቅደም ተከተል ነበር። አስተባባሪ ተማሪን ከድርጅት ሲያወጣ ዝም ብሎ አይደለም፤ በብዙ ልመና የተገኘ ቦታ እየዘጋ ነው። በሚቀጥለው ዓመት አምስት ተማሪ ላስቀምጥበት የምችለውን ድርጅት በአንድ ደብዳቤ ማጣት አልፈልግም። ተማሪው ራሱ «መጀመሪያ እዚሁ ሰው ይፈለግልኝ» ካለ ድርጅቱን ሳላስቀይም ስልክ ማንሳት እችላለሁ፤ ድርጅቱም የማረም ዕድል ያገኛል። ብዙ ጊዜ ጉዳዩ የሚፈታው እዚህ ላይ ነው፤ ቢሮ ውስጥ ያለ መሐንዲስ በሳምንት ሁለት ቀን እንዲመጣ ይደረጋል፣ ወይም ተማሪው ሰው ወዳለበት ሌላ ሳይት ይዛወራል።

«በሳይቱ መገኘቴን እቀጥላለሁ» የምትለዋም ዓረፍተ ነገር ቀላል አይደለችም። ማመልከቻ አስገብቶ ቤቱ የገባ ተማሪ ብዙ አይቻለሁ። ድርጅቱ ስደውል «ልጁ እኮ መምጣት አቁሟል» ይለኛል፤ የሱፐርቫይዘሩ መቅረት በተማሪው መቅረት ይሸፈናል፣ እኔም የማነሣው ጉዳይ አጣለሁ። ከዚህ የሚለየው አደጋ ያለበት ቦታ ነው። ድጋፍ በሌለው ጥልቅ ቁፋሮ ውስጥ ግባ፣ በላላ የባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ውጣ፣ ኃይል ያለበትን መስመር ንካ የተባለ ተማሪ እምቢ ብሎ ወጥቶ በዚያው ዕለት መደወል አለበት፤ የሚመልስለት ደብዳቤ አይጠብቅም።

ማመልከቻው በእጅ ለእኔ ከመሰጠት ይልቅ በመዝገብ ቤት በኩል መግባቱም ረድቶታል። ገቢ ቁጥር ወጣለት፣ ተማሪው ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ያዘ። እኔ ብቀየር ወይም ብረሳ እንኳ ጥያቄው መቼ እንደቀረበ የሚመሰክር ወረቀት አለ። ግምገማው ሲደርስ «ለምን ቀድመህ አልተናገርክም» የሚለውን ጥያቄ የሚመልሰው ይህ ቁጥር ነው።

ሰኞ መጋቢት 1 ቀን ለድርጅቱ ደወልኩ። ሥራ አስኪያጁ አልካደም፤ በሳምንት ውስጥ ሰው እመድባለሁ አለ። ያንኑ በደብዳቤ አረጋግጬ እስከ መጋቢት 8 ቀነ ገደብ አስቀመጥኩ። በዚያ ሳምንት ሳይቱ ድረስ ሄጄ ሎግ ቡኩን ከስቶሩ መዝገብ ጋር አስተያየሁ፤ የተማሪው ቀናት ልክ ነበሩ። መጋቢት 8 ሰው አልመጣም። መጋቢት 10 ቀን ተማሪው የሌላ ሕንፃ ሥራ ወደሚቆጣጠር አማካሪ ድርጅት ተዛወረ፤ እዚያ ተጠሪ መሐንዲሷ ሳይቱ ላይ በየቀኑ ትገኛለች። ከልምምዱ ማብቂያ ከግንቦት 22 በፊት 50 ያህል የሥራ ቀን ቀርቶት ነበር። ሪፖርቱን በሁለት ክፍል እንዲጽፍ ተፈቀደለት፤ የድርጅት ነጥቡን የሞላችው አዲሷ ሱፐርቫይዘር ናት፣ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደግሞ በክትትል ጉብኝቴ ማስታወሻ ተያዙ።

ጊዜውን እዚህ ላይ ልብ ይሏል። ደብዳቤው የገባው በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት ቢሆን ድርጅቱ «ገና ሁለት ሳምንቱ ነው፣ መሐንዲሱ ይመለሳል» ለማለት ምክንያት ነበረው። ከስምንተኛው ሳምንት በኋላ ቢሆን ደግሞ ምን ዓይነት አዲስ ድርጅት ለቀሪው ጊዜ ተማሪ ተቀብሎ ሥራ ያስይዘዋል? ልምምዱ ከተጋመሰ በኋላ የመጡብኝን አብዛኞቹን ማመልከቻዎች ጥያቄው ትክክል ሆኖ ሳለ ማስተናገድ አልቻልኩም። የሦስተኛው ሳምንት መጀመሪያ በስልክና በአካል የሚጠየቅበት፣ የአራተኛው ሳምንት መጨረሻ የሚጻፍበት ጊዜ ነው።

ማመልከቻ ከመጻፍ የሚቀል የሚመስል ሌላ መንገድ እንዳለ እያንዳንዱ ተማሪ ያውቃል፤ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። መጨረሻ ላይ ድርጅቱ የግምገማ ቅጹን ይሞላል፣ ማኅተም ያሳርፍበታል፣ ነጥቡም አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ያለ ነው። አሥራ ስድስቱን ሳምንት ተማሪውን ያላየ ሰው ቅጹን በአሥር ደቂቃ ሞልቶ ሲሰጥ በገዛ ዓይኔ አይቻለሁ፤ ተማሪውን ለመጥቀም ብሎ ነው የሚያደርገው። ይህን ነጥብ የተቀበለ ተማሪ ሪፖርቱን ሲያቀርብ ይታወቃል። የስላምፕ ውጤቱ ስንት ነበር ሲባል ከመጽሐፍ የቀዳውን ቁጥር ይናገራል፤ በየትኛው ቀን፣ ለየትኛው ኮለን ሲባል ዝም ይላል። ከመምህራኑ ፊት ዝም ማለቱን ይችለዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ብቻውን ሳይት ተረክቦ ፎርማኑ «ውኃ እንጨምር?» ብሎ ሲጠይቀው ግን የሚሰጠው መልስ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ለድርጅቶችም አንድ ልመና አለኝ። ተማሪ ለመቀበል ደብዳቤ ስትፈርሙ በደብዳቤው ላይ የአንድ ሰው ስም ብቻ አትጻፉ፤ ያ ሰው ቢላክ፣ ቢታመም ወይም ሥራ ቢለቅ የሚተካውን የሁለተኛ ሰው ስምም ጨምሩበት። ወጪ የለውም። ሰው ከሌላችሁ ደግሞ በዚህ ሴሚስተር አንቀበልም ማለት ነውር አይደለም፤ ተማሪውን ሌላ ቦታ ለማስገባት ጊዜ ይሰጠናል።

የተማሪው ማመልከቻ ዛሬም ፋይል ውስጥ አለ። በተከታዩ ዓመት ያው ተቋራጭ ሦስት ተማሪ እንዲመደብለት ሲጠይቅ የተቀባይነት ደብዳቤው የሁለት መሐንዲሶች ስምና ስልክ እስኪጻፍበት ድረስ ተመለሰለት። በሳምንቱ ጽፎ ላከ፤ ሦስቱም ተማሪዎች ተመደቡ።